ተረትና እውነታ፦ ሎራና የጂንስ ጃኬቱ ስፌት

አንድ የጂንስ ጃኬት እናስብ። ከደረት ኪሶቹ ተነስተው ወደ ወገቡ እየጠበቡ የሚወርዱ ስፌቶች አሉት፤ የኪሶቹ ክዳን ሹል ነው፤ ክሩ ብርቱካናማ ሆኖ በጥንድ ተሰፍቷል። ጃኬቱን በምስል ሞዴል ከሠራን በኋላ በምስሉ ላይ መጀመሪያ ዳራው፣ ቀጥሎ የለባሹ አቋም ይቀየራል። በሦስተኛው እርማት የኪሱ ክዳን ዱልዱም ሆኖ ቁጭ ይላል። ብዙዎች ትንሽ ሎራ የሚያሠለጥኑት ይህን ለማስቀረት ነው።

ሎራው የሠለጠነባቸውን ፎቶዎች በሆዱ ይዞ ስፌት በስፌት ይገለብጣል የሚለው ግን ተረት ነው። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች በ2021 ያቀረቡት ይህ ዘዴ ዋናውን ሞዴል ሳይነካ ጥቂት ተጨማሪ ቁጥሮችን ብቻ ያሠለጥናል። የሚማረውም ዝንባሌ ነው፦ ከፎቶ ፎቶ የማይለወጠውን ነገር።

ስለዚህ በመቶ የሚቆጠር ፎቶ አያስፈልግም። ቅዳቸው አንድ የሆነ ሃያ አምስት ያህል ፎቶዎች ይበቃሉ፤ ለባሹ፣ ብርሃኑና ቦታው ግን ይለያይ። ሁሉም አንድ ግድግዳ ሥር ከተነሱ ሎራው ግድግዳውንም የጃኬቱ አካል ያደርገዋል።

ግትሩ እምነት በየፎቶው መግለጫ ላይ «ብርቱካናማ ክር፣ ሹል ክዳን» ብሎ መዘርዘር ይጠቅማል የሚለው ነው። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። በስም የተጠራ ነገር ከስሙ ጋር ይታሰራል፤ ሳይጠራ በሁሉም ፎቶ ላይ የተገኘው ደግሞ ወደ መጥሪያ ቃሉ ይጠቃለላል። በዚህ ምሳሌ መጥሪያው `vjkt` ነው፤ ከሱ በኋላ የሚጻፈው የሚለዋወጠው ብቻ ነው።

```
vjkt, woman on a street, side view, hands in pockets
```

ክሩ ሲደበዝዝ ሰዎች የሎራውን ጉልበት ከ0.8 ወደ 1.3 ይጨምራሉ። ክሩ አይመለስም፤ የሚመለሰው የሥልጠናው አቋምና ግድግዳ ነው፣ ቀለሙም ይቃጠላል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እንደ ስቴብል ዲፊውዥን ኤክስኤል ያለ ሞዴል 1024 በ1024 ፒክስል የሆነን ምስል ጨምቆ 128 በ128 አድርጎ ነው የሚሠራበት። ሙሉ ቁመት በሚያሳይ ፎቶ ላይ አንዲት ስፌት ፒክስል ወይም ሁለት ፒክስል ብትሆን ነው፤ ጥንዱ ክር በተጨመቀው ምስል አንድ ሕዋስ ውስጥ ተደባልቆ ይጠፋል። ያልታየውን ሎራው ከየት ያመጣዋል? ከፎቶዎቹ ሲሶ ያህሉ ኪሱን፣ ኮሌታውንና የእጅጌውን ጫፍ በቅርበት ያሳዩ። በእርማት ጊዜም ያው ነው፦ ደረቱ ተቆርጦ ወጥቶ፣ ጎልቶ፣ ተስተካክሎ ወደ ቦታው ይመለሳል።

መጨመቅና መፍታቱ በተደጋገመ ቁጥር ስፌቱ ይሸረሸራል፤ ጥሩ ሎራም ይህን አያድንም። ስለዚህ ሦስተኛው እርማት በሁለተኛው ውጤት ላይ አይደራረብም። ወደ መነሻው ምስል ተመልሶ የሚለወጠውን ቦታ ብቻ መከለል፣ ቀሪውን ከመነሻው እንዳለ መለጠፍ ይሻላል።

በሥልጠናው መሃል ከተቀመጡት ፋይሎች የትኛው ይመረጥ? የመጨረሻው ነው የሚለውም እምነት አይሠራም። ሁሉም በአንድ ዓይነት የመነሻ ቁጥር፣ በሥልጠናው ባልነበረ ለባሽ ይፈተኑ። ለባሹ ወደ ጎን ሲዞር ቅዱ የማይፈርስበት፣ ያለ መጥሪያ ቃሉ የዝናብ ካፖርት ሲጠየቅም ጂንስ ሳይሆን የዝናብ ካፖርት የሚያወጣው ፋይል ይወሰዳል።