ማግኒዝየም ወይስ አሉሚኒየም?

ባለፈው እሁድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ የኬሚስትሪ መልመጃዋን ይዛ መጣች። "ጋሼ፣ ከማግኒዝየምና ከአሉሚኒየም በአዮናይዜሽን ኢነርጂ የሚበልጠው የቱ ነው?" አለችኝ። ጥያቄው ከአቶሙ ላይ አንድ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ የበለጠ ጉልበት የሚጠይቀው የትኛው ነው ማለት ነው። በተማሪነቴ የሸመደድኩትን አልረሳሁምና "ወደ ቀኝ ሲኬድ ይጨምራል፤ ስለዚህ አሉሚኒየም" አልኳት። የመልሱ ገጽ ግን "ማግኒዝየም" ይላል። አፈርኩ። ሰንጠረዡን ዘርግተን ከሥሩ ጀመርን።

በሦስተኛው ረድፍ ከሶድየም ተነስተን ወደ ቀኝ ስንሄድ በየእርምጃው ኒውክለሱ አንድ ፕሮቶን ይጨምራል። አብሮት የሚመጣው ኤሌክትሮን የሚቀመጠው እዚያው ሦስተኛው ሼል ላይ ነው፤ ስለዚህ ጎረቤቶቹን ከኒውክለሱ ጉተታ ብዙም አይከልላቸውም። ጉተታው ስለሚበረታ አቶሙ ይጠብባል። የሶድየም ራዲየስ 186 ፒኮሜትር ሲሆን የማግኒዝየም 160፣ የአሉሚኒየም ደግሞ 143 ነው።

ወደ ታች ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል። ከሊቲየም ወደ ሶድየም፣ ከዚያም ወደ ፖታስየም ስንወርድ በየደረጃው አዲስ ሼል ይጨመራል። የውጪው ኤሌክትሮን ይርቃል፤ የውስጦቹም ይከልሉታል። በዚህም ምክንያት ራዲየሱ ከ152 ወደ 186፣ ከዚያም ወደ 227 ፒኮሜትር ሲያድግ፣ የአዮናይዜሽን ኢነርጂው ከ520 ወደ 496፣ ብሎም ወደ 419 ኪሎጁል በሞል ይወርዳል።

ታዲያ አሉሚኒየም ምን ሆነ? ሼሉ አንድ ወጥ አይደለም፤ በውስጡ ንዑስ ሼሎች አሉት። የማግኒዝየም ሁለት የውጪ ኤሌክትሮኖች ዝቅተኛ ኢነርጂ ባለው 3s ላይ ናቸው። እሱ በሁለቱ ስለሞላ የአሉሚኒየም ተጨማሪ ኤሌክትሮን ከፍ ወዳለው 3p ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ሁለቱ የ3s ኤሌክትሮኖች በከፊል ይከልሉታል። ስለዚህ የአሉሚኒየም አቶም ቢያንስም ይህን አንድ ኤሌክትሮን መንጠቅ ይቀላል፦ ለማግኒዝየም 738፣ ለአሉሚኒየም 578 ኪሎጁል በሞል። ሲሊከን ላይ ወደ 786 ተመልሶ ይወጣል።

የእኔ ስህተት እዚህ ላይ ነበር። መጠኑንና ጉልበቱን ሁልጊዜ አንድ ላይ የሚሄዱ አድርጌ ይዤ ነበር።

ልጅቱ ግን ቁጥሮቹን መከታተሏን አላቆመችም። "ጋሼ፣ ከፎስፈረስ ወደ ሰልፈርም እኮ ከ1012 ወደ 1000 ወርዷል" አለችኝ። እዚህ ንዑስ ሼሉ አልተቀየረም። የፎስፈረስ ሦስት የ3p ኤሌክትሮኖች በሦስት ኦርቢታሎች ለየብቻ ተቀምጠዋል። የሰልፈር አራተኛው ግን ከአንዱ ጋር መዳበል ግድ ይለዋል፤ ሁለቱ ስለሚገፋፉ አንዱን ማውጣት ይቀላል።

ፈተናዋ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። በደብተሯ ላይ ካለው ወደ ቀኝ ከሚያመለክተው ቀስት ሥር "ከማግኒዝየም ወደ አሉሚኒየም፣ ከፎስፈረስ ወደ ሰልፈር ሲኬድ ይወርዳል" ብላ ጻፈችበት።