ያለ ዕቅድ ከተቀረጹ ምስሎች የጉዞ ታሪክ ማዋቀር



በአንድ ወቅት ለገና በዓል ወደ ላሊበላ ተጉዤ፣ በሦስት ቀናት ዐይኔ ያረፈበትን ሁሉ ያለ ዕቅድ ቀርጬ፣ 87 ክሊፖች ይዤ ተመለስሁ። ታሪኩ ግን በአእምሮዬ አስቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ማእከሉ በገና ጠዋት በቤተ ማርያም፣ ካህናቱ ከላይ በዐለቱ ጠርዝና ከታች በግቢው ሆነው የሚያቀርቡት የቤዛ ኩሉ ዝማሬ ነው ብዬ ነበር። የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነው፤ ታሪኩን የቀዳሁት ከትዝታዬ እንጂ ከቀረጻው አልነበረም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መቁረጥ ሳይሆን መመዝገብ ነው። ክሊፖቹን በሙሉ ተመልክቼ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ጻፍሁ፦ የፋይሉን ቁጥር፣ የሚታየውን ነገር፣ ምስሉ ከሩቅ ወይም ከቅርብ መወሰዱን፣ የድምፁን ጥራት፣ ካሜራው ሳይናወጥ የቆየባቸውን ሰከንዶች። «ውብ ነው» የሚል አስተያየት አልጻፍሁም፤ ውበቱ ምስሉ በታሪኩ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አይነግረንምና።

መዝገቡ ያልጠበቅሁትን አሳየኝ። ዝማሬውን የያዘው ክሊፕ አንድ ብቻ ነበር፤ ድምፁ የጠራ ቢሆንም፣ ከ40 ሰከንዱ ሳይናወጥ የተቀረጸው 6 ብቻ ነው። በአንጻሩ 23 ክሊፖች ምእመናን በእግር ሲደርሱ፣ ጋቢ ተከናንበው ሲያድሩና ንጋትን ሲጠባበቁ ያሳያሉ። እንግዲህ ቀረጻው ሊሸከም የሚችለው ታሪክ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይህ ሆነ፦ ከሩቅ የመጣ ሕዝብ ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃል፤ ሲነጋም የጠበቀውን ይሰማል።

ከዚህ ዐረፍተ ነገር ሦስት ክፍሎች ወጡ፦ መድረስ፣ መጠበቅ፣ መስማት። ለአራት ደቂቃ ፊልም፣ አንዱ ምስል በአማካይ 6 ሰከንድ ቢቆይ፣ 40 ያህል ምስሎች ያስፈልጋሉ። በዝርዝሩ ላይ ከፋይሉ ቁጥርና ከርዝመቱ ቀጥሎ «ከቀዳሚው በኋላ ለምን መጣ?» የሚል ዓምድ ጨመርሁ። ይህን ዓምድ መሙላት ሲያቅተኝ ክሊፑ ወጣ። ከቤተ ጊዮርጊስ አራት ክሊፖች ሦስቱ የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁሉም ያንኑ ሕንጻ ከዚያው ርቀት የሚደግሙ ነበሩ።

በመድረስና በመጠበቅ መካከል ግን ክፍተት ተገኘ፤ በዋዜማው ምሽት አንድም ክሊፕ አልቀረጽሁም። በማግስቱ ምሽት ምእመናን ወደ አገራቸው ሲመለሱ የቀረጽሁት ነበረኝ። «ሲደርሱ» ብዬ ባስገባው ተመልካቹ አያውቅም ነበር፤ ሆኖም የሚሄደውን ሰው መጣ ማለት ይሆንብኛል። ስለዚህ በዚያ ቦታ ምስሉን አጥፍቼ፣ በሌሊት የተቀዳውን የሕዝብ ድምፅ ብቻ አሰማሁ፤ «በዋዜማው ምሽት አልቀረጽሁም» የሚል ትረካም አከልሁበት።

መጨረሻው ላይ ዝማሬው 40 ሰከንድ ሙሉ ይሰማል። ካህናቱ የሚታዩት ለ6 ሰከንድ ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ የምናየው በዚያው ጠዋት የተቀረጹትን የአድማጮቹን ፊቶች ነው።