አምስት ዓመት በአንድ ጠዋት

ጆርጅ ኦርዌል በበርማ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ፖሊስ ሆኖ አምስት ዓመት ያህል አገልግሏል። በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ ዝሆን ስለመግደል የሚተርከው አጭር ወግ ግን ከዚያ ሁሉ ዘመን ቀርቦ የሚያሳየው አንድ ቀን ብቻ ነው።

የሕዝቡ ጥላቻና የራሱ ምሬት በመክፈቻዎቹ ሁለት አንቀጾች ጠቅለል ብለው ያልፋሉ። በየዕለቱ የሚደጋገም ነገር ነውና አንዴ መነገሩ ይበቃዋል። ዝሆኑ ፊት ሲደርስ ግን ትረካው እርምጃውን ይቀንሳል። እንስሳው ሣር እየነቀለ፣ አፈሩን በጉልበቱ እያራገፈ ይበላል። ከኋላ ሕዝቡ ይጠብቃል። ሰውየው መተኮስ አይፈልግም፤ ይተኩሳል። ውሳኔው የተገለበጠው እዚህ ስለሆነ አንባቢው በቦታው መገኘት አለበት።

ጀማሪ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ይህን ይገለብጠዋል፦ የጉዞውን ሻንጣና ትኬት በዝርዝር ተርኮ፣ ዋናውን ቅጽበት «ያን ቀን ሕይወቴ ተለወጠ» ብሎ ይዘለዋል።

ግሱን ማየት ይረዳል። «ይሰድቡኝ ነበር» የልማድ ነው፣ ጠቅለል ማለትን ይወዳል። «ተኮስኩ» አንዴ የሆነ ነው፣ ትዕይንት ሊሆን ይችላል፤ ምንም ካልለወጠ ግን እሱም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይለፍ።

ኦርዌል የዝሆኑን ሞት እስከ መጨረሻው አልቆመም። ግማሽ ሰዓት መፍጀቱን ኋላ እንደሰማ በአጭሩ ብቻ ይነግረናል።