የተቀጣጠለ ዘይት ውሃ ሲያገኝ

በድስት ወይም በመጥበሻ ውስጥ የተቀጣጠለ የምግብ ዘይት ውሃ ከፈሰሰበት እሳቱ አይጠፋም። ይልቁንም ነበልባሉ በቅጽበት ወደ ላይ ይወረወርና ጣሪያ ይነካል፤ የሚነድ ዘይትም በየአቅጣጫው ይረጫል። እንጨት፣ ወረቀት ወይም ጨርቅ ሲቃጠል ውሃ ፍቱን ነው፤ የሚነደውን ነገር ያርሰዋል፣ ያቀዘቅዘዋል፣ እሳቱም ይሞታል። ብዙ ሰው በድንጋጤ ባልዲ የሚያነሣው ይህ ልማድ በውስጡ ስላለ ነው። ዘይት ላይ ግን ልማዱ አደጋ የሚሆንባቸው ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ውሃ ከዘይት የሚከብድ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ውሃ የሚፈላበት ሙቀት፣ ዘይት ከሚቀጣጠልበት ሙቀት እጅግ ዝቅ ያለ መሆኑ ነው።

ዘይቱ እንዴት እዚያ ደረጃ እንደሚደርስ ለማየት አንድ የተለመደ ሁኔታ መውሰድ ይቻላል። ለሳምቡሳ ወይም ለድንች ጥብስ አንድ ሊትር ዘይት ድስት ውስጥ ተጨምሮ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ተጥዷል። ለመጥበስ የሚያስፈልገው ሙቀት ከ170 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሳምቡሳው ሲገባ የሚሰማው መንጫጫትና የሚታየው አረፋ ብዙዎች እንደሚመስላቸው የዘይቱ መፍላት አይደለም፤ ሊጡና ሙሌቱ የያዙት ውሃ በእንፋሎት መልክ እየወጣ ነው። ይህ ውሃ ሲወጣ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ፣ ምግብ እየተጠበሰ እስካለ ድረስ ዘይቱ ከልክ በላይ አይግልም። አደጋው የሚመጣው ባዶው ዘይት ብቻውን ሲቀር ነው። በር ተንኳኩቶ ወይም ስልክ ጠርቶ ጠባሹ ዞር ካለ፣ ሙቀቱን የሚወስድለት ነገር የሌለው ዘይት ያለማቋረጥ እየጋለ ይሄዳል።

ማስጠንቀቂያ ግን አለው። የተጣራ ዘይት 200 ዲግሪን አለፍ ሲል፣ እንደየዓይነቱም እስከ 230 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይጨሳል። መጀመሪያ ከላዩ ስስ ጉም የመሰለ ነገር ይታያል፤ ቀጥሎ ጭሱ ይወፍራል፣ ዓይን የሚቆጠቁጥና ጉሮሮ የሚከረክር ሽታም ያመጣል። በዚህ ጊዜ ምድጃውን አጥፍቶ ድስቱን መክደን ነገሩን እዚያው ያስቀረዋል። ጭሱ ችላ ከተባለ ዘይቱ 300 ዲግሪን ማለፉ አይቀርም። ያኔ ከላዩ የሚወጣው ትነት በአጠገቡ ያለ የጋዝ ነበልባል ሲነካው ይያያዛል። ሙቀቱ ወደ 350 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ ደግሞ ምንም እሳት ሳይነካው በራሱ ይነዳል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበልባል ስለሌለው ዘይት አያቀጣጥልም የሚለው ግምት በዚህ ምክንያት ስሕተት ነው። አንድ ነገር ልብ ይባል፤ የሚነደው ፈሳሹ ራሱ ሳይሆን ከላዩ እየተነሣ ከአየር ጋር የሚቀላቀለው ትነት ነው።

አሁን አንድ ብርጭቆ ውሃ በዚህ ድስት ውስጥ ይፈስሳል እንበል። ውሃው ከዘይቱ ስለሚከብድ ከላይ አይንሳፈፍም፤ ነበልባሉን አልፎ ወደ ዘይቱ ይሰምጣል። እየሰመጠም ከራሱ መፍያ በ200 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚበልጥ ሙቀት በሁሉም አቅጣጫ ይከብበዋል። ቀስ ብሎ የሚፈላበት ጊዜ አያገኝም፤ በአንዴ እንፋሎት ይሆናል። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ይዘቱ 1,700 ጊዜ ያህል ያድጋል። 200 ሚሊ ሊትር የምትይዘው ብርጭቆ 340 ሊትር ያህል እንፋሎት ትወልዳለች፤ ይህም አንድ የነዳጅ በርሜል ሞልቶ የሚተርፍ ነው። ይህ ሁሉ እንፋሎት የተወለደው ከዘይቱ ሥር ስለሆነ ለመውጣት ያለው መንገድ ዘይቱን ወደ ላይ መወርወር ብቻ ነው።

የከፋው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዘይቱ ድስት ውስጥ ሳለ ከአየር ጋር የሚገናኘው በላይኛው ገጹ ብቻ ስለነበር የእሳቱ ስፋት ከድስቱ አፍ አያልፍም ነበር። እንፋሎቱ ሲወረውረው ግን ተበታትኖ እጅግ ብዙ ደቃቃ ጠብታ ይሆናል። እያንዳንዱ ጠብታ ዙሪያውን በአየር የተከበበና ከመቀጣጠያው ሙቀት በላይ የጋለ ነው፤ ሥሩም ነበልባል አለ። ስለዚህ ሁሉም በአንድነት ይነዳሉ። ከድስቱ ተነሥቶ ጣሪያ የሚደርሰው የእሳት ኳስ ይኸው ነው። ነበልባሉ ራሱ የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ቢሆንም፣ ውሃውን ያፈሰሰው ሰው ፊቱና ክንዱ በዚያው ውስጥ ነው፤ የሚረጨው ዘይትም መጋረጃውን፣ ልብሱንና ጣሪያውን ያያይዛል።

ከፍታ ደግሞ ነገሩን በመጠኑ ያብሰዋል። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ በሚገኝ ከተማ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያው ምክንያት ከአንድ ብርጭቆ ውሃ የሚወጣው እንፋሎት በባሕር ዳርቻ ከሚወጣው ይበልጣል፤ እድገቱ ከ2,000 ጊዜ ያልፋል።

ጉዳት ለማድረስ ባልዲ ሙሉ ውሃ አያስፈልግም። ከመታጠቢያው ተነሥቶ ውሃው ያልተንጠባጠበ ክዳን፣ ታጥቦ ያልደረቀ ድንች፣ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በረዶው ያልተራገፈ ምግብ፣ ሁሉም በመጠናቸው ያንኑ ያደርጋሉ። ሳይነድ የጋለ ዘይት ላይ እንኳ በረዶ የያዘ ምግብ በብዛት ከገባ ዘይቱ አረፋ ደፍቆ ከድስቱ ይፈስሳል፤ ፈስሶም ከታች ያለውን የጋዝ እሳት ያገኛል። ድስቱ ከግማሹ በላይ በዘይት መሞላት የሌለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

ዘይቱ በርግጥ ከተቀጣጠለ ትክክለኛው እርምጃ ሙቀቱን መቁረጥና አየር መከልከል ነው። ማብሪያው በነበልባሉ ማዶ ሳይሆን እጅ በሰላም በሚደርስበት ቦታ ከሆነ ምድጃው ይጠፋል፤ ሲሊንደር ከሆነም የጋዙ መዝጊያ ይዘጋል። ከዚያ ደረቅ የብረት ክዳን፣ ከሌለም ከድስቱ አፍ የሚሰፋ የብረት ትሪ ይነሣል። ክዳኑ ከላይ ወደ ታች አይጣልም። ከሰውየው በኩል ባለው የድስቱ ጠርዝ ላይ ይደገፍና እንደ ጋሻ ከፊት ተይዞ ወደ ማዶ እየተገፋ ይንሸራተታል። እንዲህ ሲሆን ነበልባሉ የሚያጋድለው ከሰውየው ወዲያ ነው። ክዳኑ በደንብ ከገጠመ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ወዲያው ያልቅና ነበልባሉ ይጠፋል። የመስታወት ክዳን በድንገተኛ ሙቀት ሊሰነጠቅ ስለሚችል አይመከርም፤ የፕላስቲክ ሳህን ጨርሶ አይታሰብም።

ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው። እሳቱ መጥፋቱን ለማየት ክዳኑን ከፈት ማድረግ ተፈጥሯዊ ነው፤ ግን አደገኛ ነው። ነበልባሉ ጠፋ እንጂ ዘይቱ አልቀዘቀዘም፤ አሁንም በራሱ ሊነድ በሚችልበት ሙቀት ላይ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ ሲነሣ አዲስ አየር ይገባል፣ በውስጥ የታፈነው ትነትም እንደገና ይያያዛል፤ በዚህ ጊዜ ግን ፊት ከድስቱ በላይ ነው። አንድ ሊትር ዘይት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይነካ መቆየት አለበት። ዘይቱ ብዙ ከሆነ ወይም ድስቱ ወፍራም የብረት ድስት ከሆነ ከዚህም ይረዝማል።

በከሰል ለሚጠብስ ሰው ነገሩ ይከብዳል፤ ከሰል እንደ ኤሌክትሪክ በአንድ ጠቅታ አይጠፋም። ክዳኑ መጀመሪያ ይደረጋል፤ የአየር ማስገቢያ በር ያለው ምድጃ ከሆነም በሩ ይዘጋል። ከዚያ ከሰሉ እስኪከስም ድረስ ድስቱም ምድጃውም ባሉበት ይቆያሉ። ከሰሉ ላይ ውሃ መድፋት የሚያስነሣው እንፋሎትና አመድ ሳያንስ፣ ውሃው ወደ ዘይቱ ሊገባ ይችላል።

የሚነድ ድስት ተሸክሞ ወደ ውጭ መሮጥ ከውሃው እኩል የሚያስፈራ ስሕተት ነው። ሰው ሲራመድ ነበልባሉ ወደ ገዛ ፊቱ ይተኛል፤ ጆሮው ሲያቃጥለው ድስቱን ይለቀዋል፣ የሚነደው ዘይት እግሩና ወለሉ ላይ ይፈስሳል። የስንዴ ዱቄትና ስኳርም ነጭና ደረቅ ስለሆኑ ብቻ እሳት ያጠፉ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን የሚነዱ ነገሮች ናቸው፣ አየር ላይ ሲበተኑም እንደ ፈንጂ ሊያያዙ ይችላሉ። ቤኪንግ ሶዳ ከእነዚህ የተለየ ነው፤ ሲግል ካርቦንዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ በመጥበሻ ላይ ያለች ትንሽ እሳትን ያፍናል። ሆኖም የሚያስፈልገው እፍኝ በእፍኝ እንጂ በማንኪያ አይደለም፤ ጥልቅ ድስት ላይም አይበቃም። ውሃ የሚያንጠባጥብ ፎጣ ስለ ውሃው የተባለው ሁሉ ይመለከተዋል።

የእሳት ማጥፊያ መሣሪያም ሁሉም አንድ አይደለም። በቤትና በመኪና የሚገኘው የዱቄት ማጥፊያ ነበልባሉን ይመታል፤ ግን ዘይቱን ስለማያቀዘቅዘው መልሶ ሊነድ ይችላል፤ ከቅርብ ከተረጨም ኃይሉ ዘይቱን ከድስቱ ያወጣዋል። ለምግብ ዘይት ተብሎ የተሠራው በአውሮፓ በF፣ በአሜሪካ በK ፊደል የሚለየው ነው። የሚገርመው በውስጡ ያለው አብዛኛው ነገር ውሃ መሆኑ ነው። ልዩነቱ ውሃው የፖታሲየም ጨው የሟሟበት መሆኑና በለስላሳ ርጭት መውጣቱ ነው። ደቃቁ ርጭት ወደ ዘይቱ ሳይሰምጥ ከላዩ እየተነነ ያቀዘቅዘዋል፤ ጨው ደግሞ ከጋለው ዘይት ጋር ተዋሕዶ ወፍራም የሳሙና አረፋ ይሠራል፤ አረፋውም ገጹን ከአየር ይሸፍናል። በብዛት የሚጠብሱ ምግብ ቤቶች ሊኖራቸው የሚገባው ይህ ዓይነቱ ነው።

እሳቱ ከድስቱ ወጥቶ መደርደሪያ ወይም ጣሪያ ከያዘ፣ ወይም ለመክደን የሚጠጉበት መንገድ ከሌለ፣ የወጥ ቤቱን በር ዘግቶ ሰውን ሁሉ ማስወጣትና ከውጭ ሆኖ መደወል ይገባል፤ በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው። ዘይት የተረጨበት ሰው የተቃጠለው አካሉ በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይታጠባል፤ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አይቀባም።

አንዴ የነደደ ዘይት እንደገና አይጠበስበትም። ሙቀቱ ስለሰባበረው ከዚህ በኋላ የሚጨስበትና የሚቀጣጠልበት ሙቀት ዝቅ ይላል፤ አጣርተው ቢጠቀሙበት ከአዲስ ዘይት ቀድሞ ይነዳል። ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ በአሸዋ ወይም በሰጋቱራ አስመጥጦ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር መጣል ይቻላል፤ በመታጠቢያው ከተደፋ ግን ቧንቧውን ይደፍናል።