ጎመንን ለይቶ መግዛትና ከታጠበ በኋላ ሳይጠወልግ ማቆየት

ለሰንበቴ፣ ለዝክርና በጾም ወራት ለሚደረግ መስተንግዶ የሚሆን ጎመን ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ከአንድ ቀን በፊት ነው። ቅዳሜ ከገበያ ሲመጣ ለምለም የነበረው እሑድ ማለዳ ሲፈታ ጠውልጎ፣ ከፊሉም ቢጫ ሆኖ ወይም ሙልጭልጭ ብሎ ይገኛል። እየተለቀመ የሚጣለው ቅጠል የምእመናን ገንዘብ የተከፈለበት ነው። የጉዳቱ ምንጭ ሁለት ሲሆን፣ አንዱ በግዢ ጊዜ ሳይታይ የታለፈ ጉድለት፣ ሌላው ከታጠበ በኋላ ያለው አያያዝ ነው።

የጎመን ቅጠል ተቀጥፎም ይተነፍሳል፤ ውኃውም በትነት መውጣቱን አያቆምም። ሥር ስለሌለው ግን የጠፋውን የሚተካለት የለም። ቅጠሉን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው በውስጡ የሞላው ውኃ ስለሆነ፣ ውኃው ሲቀንስ ቅጠሉ ይዝላል።

ስለዚህ በገበያ ላይ አስቀድሞ መታየት ያለበት የዘንጉ የተቆረጠው ጫፍ ነው። ጫፉ እርጥብና ነጣ ያለ ከሆነ በቅርብ የተቀጠፈ ነው፤ ደርቆ ከጠቆረ ወይም ከተሰነጠቀ ውሎ አድሯል። ቀጥሎ አንዱን ዘንግ ማጠፍ ነው፤ ትኩሱ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ የሰነበተው እንደ ገመድ ይተጣጠፋል። ሻጮች ቅጠሉን ውኃ እየረጩ ስለሚያቆዩት የላይኛው ገጽታ ብቻውን አያስተማምንም፤ ዘንጉ ግን በሚረጭ ውኃ ፈጥኖ አይመለስም።

ከዚያም እጅን በእስሩ መካከል ማስገባት ይገባል። ተጠቅጥቆ የቆየ ጎመን በራሱ ትንፋሽ ይሞቃል፤ መካከሉ ከሞቀ ወይም ከሸተተ፣ ውጪው ለምለም ቢሆንም ውስጡ መበላሸት ጀምሯል። በመጨረሻ የቅጠሉን ጀርባ መገልበጥ ነው፤ ክሽክሽ የሚሰፍረው በዚያ ነውና።

አሁን አንድ የሰንበቴ ማኅበር ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት 20 እስር ጎመን ገዛ እንበል። ጎመኑ እንደደረሰ እስሩ ይፈታል፤ ቢጫውና የበሰበሰው ተለቅሞ ይወጣል። ማቀዝቀዣ ከሌለ በዚያ ቀን አለማጠብ ይሻላል፤ እርጥብ ቅጠል በሙቀት ሲያድር ይበሰብሳልና። ይልቁንም የዘንጎቹ ጫፍ በስሱ ተቆርጦ ጥቂት ንጹሕ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ዘንጉ ብቻ ውኃ እንዲነካ ይቆማል፤ በላዩም እርጥበት ያለው ነገር ግን የማይንጠባጠብ ጨርቅ ተጋርዶበት ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ያድራል። የበሰለ ሙዝ፣ ቲማቲምና አቮካዶ አጠገቡ አይቀመጡ፤ ከእነርሱ የሚወጣው ጋዝ ቅጠሉን ቢጫ ያደርገዋል።

ሲታጠብ ቅጠሉ በሰፊ ሳፋ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ይገላበጣል፤ ከዚያም በእጅ እየተነሣ ይወጣል እንጂ ውኃው በቅጠሉ ላይ አይደፋም። ታች የዘቀጠው አፈር ተመልሶ እንዳይነካው ነው። ውኃው ጥርት እስኪል ድረስ ይደገማል። ለነፍሳት ጨው የሚጨመር ከሆነ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ፤ የበዛ ጨው ውኃን ከቅጠሉ ስለሚስብ የተፈለገውን ጥንካሬ ያጠፋዋል። የዛለ ጎመን ደግሞ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በቀዝቃዛ ውኃ ቢነከር ይጠነክራል። ይህ የሚሠራው ውኃ ለጠማው ቅጠል ብቻ ነው፤ ቢጫ የሆነው ወይም የበሰበሰው አይመለስም።

ታጥቦ ሊቆይ የሚገባው ጎመን ከሁሉ በፊት መድረቅ አለበት። በወንፊት ይንጠፈጠፋል፣ ከዚያም በጥላ ሥር በንጹሕ ጨርቅ ላይ ሳይደራረብ ይዘረጋል። ላዩ ሲደርቅ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አፉ በላላ ፌስታል ውስጥ ሆኖ ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል። ጨርቁ ትርፉን እርጥበት ይመጥጣል፤ ፌስታሉ የቅጠሉን ውኃ ከመትነን ይጠብቃል። በማግስቱ ጨርቁ ርሶ ከተገኘ መለወጥ ነው። በዚህ አያያዝ ጥቂት ቀናት ጥንካሬውን ይዞ ይቆያል። መክተፍ ግን ለማብሰያው ሰዓት ይቆይ፤ የተከተፈ ቅጠል በየቁርጡ ውኃውን ስለሚያፈስ ፈጥኖ ይጠወልጋል።

አንድ ነገር ግን ከመታጠብ በላይ ነው። በቆሻሻ ወንዝ ውኃ የለማ ጎመን ጥንካሬውና ልምላሜው የተሟላ ሆኖ በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ ማጠብም ጀርሙን ሁሉ አያስወግድም። ስለዚህ የተመረቱበትን ስፍራ ከሻጩ ጠይቆ መግዛት፣ ለማኅበር የሚቀርበውንም በሚገባ ማብሰል ያስፈልጋል።