ከ3 ወደ 4፣ በአንድ ቢት ብቻ

የሚሽከረከር ዘንግ የደረሰበትን ቦታ በቁጥር የሚያነብ መሣሪያ ከ3 ወደ 4 ሲሻገር ይፈተናል። በተለመደው የሁለትዮሽ አጻጻፍ 3 ማለት 011፣ 4 ደግሞ 100 ነው፤ ሦስቱም ቢቶች ይለወጣሉ። ዳሳሾቹ ግን ፍጹም እኩል አይቀየሩም። የግራው ቢት ከቀደመ መሣሪያው ለቅጽበት 111 ማለትም 7 ያነባል፤ ዘንጉ ግን 7 ዘንድ አልደረሰም።

የቤል ላብራቶሪው ፍራንክ ግሬይ በ1947 እ.ኤ.አ. ፓተንት የጠየቀበት ኮድ ይህን ስሕተት ያስቀራል። በግሬይ ኮድ 3 የሚጻፈው 010፣ 4 ደግሞ 110 ተብሎ ነው። የሚለወጠው የግራው ቢት ብቻ ስለሆነ በሽግግሩ መሃል የተወሰደ ንባብ እንኳ ወይ 3 ወይ 4 ይሆናል።

ልወጣውን የሚሠራው ኤክስኦር ጌት ነው፤ የሚገቡለት ሁለት ቢቶች ከተለያዩ 1፣ ከተመሳሰሉ 0 ይሰጣል። 100ን ወደ ግሬይ ለመለወጥ የግራውን 1 እንዳለ እንወስዳለን። ከዚያ ጎን ለጎን ያሉትን እናነጻጽራለን፦ 1 እና 0 ስለሚለያዩ 1፣ 0 እና 0 ስለሚመሳሰሉ 0። ውጤቱ 110 ነው።

ስንመልሰው ደግሞ ቀጣዩን የግሬይ ቢት የምናነጻጽረው አሁን ካገኘነው የሁለትዮሽ ቢት ጋር ነው፦ 1 ከ1 ጋር 0፣ 0 ከ0 ጋር 0፤ 100 ተገኘ። እዚህ እያንዳንዱ ጌት የቀዳሚውን ውጤት ስለሚጠብቅ ቢቶቹ በበዙ ቁጥር መልሱ ይዘገያል።