ፍርሃቱ ከምን ተነሣ? ፓኒክ፣ ፎቢያ እና አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም

በአንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ የሚሠሩ ሦስት ሰዎች አሉ እንበል። አንደኛዋ ከሁለት ወር ወዲህ ሊፍት ትታ በደረጃ ትወጣለች። ሁለተኛው ከልጅነቱ ጀምሮ ሊፍት ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሦስተኛዋ እንደማንኛውም ሰው በሊፍት ትወጣለች፤ ጠረጴዛዋ ጋ ስትደርስ ግን ትከሻዋ ተወጥሮ፣ ራሷን እያመማት፣ ሌሊቱንም እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ያደረች ናት። ሦስቱም «ጭንቀት አለብኝ» ቢሉ እውነታቸውን ነው። የያዛቸው ሕመም ግን ይለያያል፤ ሕክምናውም እንዲሁ። የሥነ አእምሮ ሐኪም እነዚህን ሰዎች ሲያገኝ ልቡ የሚመታውን ሰው ሁሉ አንድ አድርጎ አይመለከትም። ፍርሃቱን ምን እንደቀሰቀሰውና ሰውየው የፈራው በትክክል ምንን እንደሆነ ይጠይቃል።

የአንደኛዋና የሦስተኛዋ ሕመም ለረጅም ጊዜ በአንድ ስም ይጠራ ነበር። በይፋ የተለያዩት የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ሦስተኛው የምርመራ መመሪያ ነው። ለዚህ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ዶናልድ ክላይን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። በ1960ዎቹ ኢሚፕራሚን የሚባል መድኃኒት ለታማሚዎች ሲሰጥ አንድ ነገር አስተዋለ፤ መድኃኒቱ ድንገት እየመጣ የሚያጥለቀልቃቸውን ፍርሃት ያቆመዋል፣ «ዳግም ይመጣብኝ ይሆን?» የሚለውን ስጋት ግን ያን ያህል አይነካውም። ሁለቱ ፍርሃቶች አንድ ቢሆኑ ኖሮ አብረው መቀነስ ነበረባቸው።

ወደ አንደኛዋ ሴት እንመለስ። ከሁለት ወር በፊት ከምሳ በኋላ ሊፍት ውስጥ ሳለች፣ ስለ ምንም ሳታስብ፣ ልቧ ድንገት ይደልቅ ጀመር። ትንፋሽ አጠራት፣ ደረቷን ጨመደዳት፣ ላብ አጠመቃት፣ ጣቶቿና ከንፈሯ ጠዘጠዟት። መሬቱ የከዳት መሰላት። አእምሮዋ ውስጥ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ «አሁን ልሞት ነው»። ባልደረቦቿ ድንገተኛ ክፍል አደረሷት። እዚያ ስትደርስ ማዕበሉ አብዛኛው አልፎ ነበር፤ የልብ ምርመራው፣ ኢሲጂው፣ ጤነኛ ወጣ። «ምንም የለብሽም» ተብላ ተመለሰች።

ይህ የፓኒክ ጥቃት ነው። ከባዶ ተነሥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ጣራ ይነካል፤ ብዙውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ገደማ ከፍተኛው ላይ ይደርስና ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል። አንዳንዱን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ያስነሣዋል። ሰውነት የሚያደርገው ጅብ ቢያባርረው የሚያደርገውን ነው፤ ልዩነቱ ጅቡ አለመኖሩ ነው። ሰው ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ቶሎ ሲተነፍስ ከደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚገባው በላይ ይወጣል። በዚህ የተነሣ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ጠበብ ይላሉ፣ ራስ ያዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይጠዘጥዛል። የሚገርመው አየር ያነሰው የሚመስለው ሰው በዚያ ሰዓት እየተነፈሰ ያለው አብዝቶ ነው። አየር ፍለጋ በኃይል በሳበ ቁጥርም ስሜቱ ይብስበታል።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ክላርክ በ1986 ይህን አዙሪት በግልጽ አስቀመጠው። ሰውየው የልቡን ምት ይሰማል፣ «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ይተረጉመዋል፣ ትርጉሙ ራሱ ያስፈራዋል፣ ፍርሃቱ ልቡን የበለጠ ያስሮጠዋል። ስለዚህ የፓኒክ ሕመም ያለበት ሰው የሚፈራው የገዛ ሰውነቱን ስሜት ነው። ሊፍቱ የዚያች ሴት ጠላት አይደለም። የምትሸሸው ጥቃቱ ቢመጣባት መውጫ የሌለበትን ቦታ ነው። ለዚህም ነው ሊፍቱን ከተወች በኋላ ታክሲ ውስጥ የመጨረሻ ወንበር መቀመጥ ያቆመችው፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በር አጠገብ መቆም የጀመረችው፣ የውኃ ጠርሙስ ሳትይዝ ከቤት የማትወጣው። አንድ ጥቃት የደረሰበት ሰው ሁሉ ሕመምተኛ አይባልም፤ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ደርሶባቸው ያልተመለሰባቸው ብዙ ናቸው። ሕመም የሚባለው ጥቃቱ ሳይታሰብ ሲደጋገም፣ ከዚያም ቢያንስ ለአንድ ወር ሰውየው የሚቀጥለውን እየፈራ ሲኖር ወይም አኗኗሩን ሲለውጥ ነው።

«ምንም የለብሽም» የሚለው መልስ የማይበቃት ለዚህ ነው። የሚረዳት ሕክምና ስሜቱን ራሱን ሆን ብሎ ማምጣት ነው። ባለሙያው ክፍል ውስጥ በሚሽከረከር ወንበር ለአንድ ደቂቃ ያህል ያሽከረክራታል፣ ባለችበት ያስሮጣታል፣ በቀጭን ስትሮ ያስተነፍሳታል። ልቧ ይደልቃል፣ ራሷ ይዞራል፤ ሞት ግን አይመጣም። ይህን ደጋግማ ስታየው የልብ ምት የልብ ምት ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነው ያለ ውኃ ጠርሙስ ሊፍት ውስጥ የምትገባው። ጠርሙሱን ይዛ ከገባች «ያዳነኝ ውኃው ነው» ብላ ትወጣለች።

ሁለተኛው ሰው ከሩቅ ሲያዩት ከእሷ አይለይም፤ እሱም ደረጃ ይወጣል። ጠጋ ብለው ሲጠይቁት ግን የሚያወራው ስለ ሊፍቱ ነው። ገመዱ ይበጠሳል፣ መብራት ይጠፋና መሃል ላይ ይቀራል። ከሊፍት ውጪ ቀኑን ሙሉ ሰላም ነው፤ ስብሰባ ይመራል፣ ሌሊት መኪና ይነዳል፣ እንቅልፉም ጤናማ ነው። ፍርሃቱ የሚመጣው ሊፍቱ ፊት ሲቆም ወይም እንደሚገባ ሲያስብ ነው፤ ያኔም በቅጽበት ይመጣል። ይህ ፎቢያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ፣ ከአደጋው ጋር የማይመጣጠን፣ በአንድ የተወሰነ ነገር ላይ የታሰረ ፍርሃት። በኃይል ከተገደደ እሱንም ልብ መደለቅና ላብ ሊይዘው ይችላል፤ እሱ ግን ከየት እንደመጣበት ያውቃል። ከፎቢያዎች ሁሉ ለሕክምና ቶሎ የሚታዘዙት እንዲህ ያሉት ናቸው። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ላርስ ጎራን ኦስት በአንድ ጊዜ ብቻ፣ እስከ ሦስት ሰዓት በሚዘልቅ ቀጠሮ፣ ታማሚውን ከሚፈራው ነገር ጋር ደረጃ በደረጃ የሚያቀራርብ ዘዴ አዘጋጅቷል።

ከፎቢያዎች መካከል ግን አንዱ ሕጉን ይጥሳል፣ እሱን መለየትም ግድ ነው። ደምና መርፌ የሚፈራ ሰው ልቡ በመጀመሪያ ይፈጥናል፣ ቀጥሎ ምቱና የደም ግፊቱ ባንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ከዚያ ራሱን ስቶ ይወድቃል። የፓኒክ ታማሚ «ልወድቅ ነው» እያለ ይሠቃያል እንጂ ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከፍ ስለሚል አይወድቅም ማለት ይቻላል፤ ይህኛው ግን በእውነት ይወድቃል። ለሌላው የጭንቀት ዓይነት የሚመከረው «ዘና በል፣ ሰውነትህን ልቀቅ» የሚለው ምክር ለእሱ ውድቀቱን የሚያፋጥን ነው። ኦስት ለእነዚህ ሰዎች ያዘጋጀው ዘዴ ተቃራኒውን ያስተምራል። ደም ሊሰጥ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው የክንዱን፣ የደረቱንና የእግሩን ጡንቻ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያህል፣ ፊቱ ላይ ሙቀት እስኪሰማው ድረስ ወጥሮ ይይዛል። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ላላ ያደርገውና እንደገና ይወጥራል፤ እንዲህ አምስት ጊዜ። መርፌው የሚገባበትን ክንድ ግን ዘና አድርጎ ይተወዋል። የጤና ባለሙያ «እኔ እኮ ደም ሳይ እወድቃለሁ» የሚለውን ሰው ሲያገኝ ከማጽናናት በፊት ማስተኛትና ይህን ማሳየት አለበት።

ሦስተኛዋ ሴት ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ስለ ፍርሃት አታወራም። ስለ ጨጓራዋ፣ ስለ አንገቷና ስለ ትከሻዋ፣ ስለ ድካሟ ታወራለች። የጨጓራ መድኃኒት ለብዙ ጊዜ ወስዳ ይሆናል። እሷ ላይ የሚያጥለቀልቅ ማዕበል የለም፤ ያለው ከማለዳ እስከ ሌሊት የማያባራ «ቢሆንስ» ነው። ልጇ ካሳለ ሳንባ ምች ቢሆንስ፣ እናቷ ስልክ ካላነሳች ወድቃ ቢሆንስ፣ አለቃዋ ሰላም ሳይላት ካለፈ ከሥራ ሊያስወጣት ቢሆንስ። ጭንቀቷ የሚለጠፍበት አንድ ነገር የለም፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው።

ይህ አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም ይባላል። ቢያንስ ለስድስት ወር፣ ከቀናት አብዛኞቹን፣ ሊያቆሙት ከማይችሉት ስጋት ጋር መኖር ነው፤ አብረውትም ዕረፍት ማጣት፣ ቶሎ መድከም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ብስጭት፣ የጡንቻ መወጠርና የእንቅልፍ መታወክ ይመጣሉ። ሐኪሙ ከነዚህ ስድስት ምልክቶች በአዋቂ ላይ ቢያንስ ሦስቱን ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መጠይቅ ሰባት ጥያቄ ያለው ሲሆን ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል። እያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሦስት ይሞላል፤ ከ21 ውስጥ 10ና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ጠለቅ ያለ ምርመራ ይደረግለታል።

እዚህ ላይ ከባዱ ነገር እውነተኛ ችግርን ከሕመም መለየት ነው። የቤት ኪራይ ጨምሮበት የሚጨነቅ ሰው ታማሚ አይደለም። እኔ የማምንበት መለያ ችግሩ ሲፈታ የሚሆነው ነው። ኪራዩ ሲስተካከልለት በዚያ ሌሊት የሚተኛ ሰው ችግር ነበረበት። ኪራዩ በተስተካከለ በሰዓቱ «ወንበሩን ሌላ ስጋት ያዘው» የሚባልለት ሰው ግን ሕመም ሊኖርበት ይችላል። የሚታከመውም ስጋቱን አንድ በአንድ በመፍታት ሳይሆን ስጋት የማምረት ልማዱን በመስበር ነው። ለሦስተኛዋ ሴትም ሆነ ለፓኒክ ታማሚዋ እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች ሊታዘዙ ይችላሉ፤ ውጤታቸው በሳምንታት እንጂ በቀናት አይታይም። ዲያዜፓም ደግሞ በዚያው ሰዓት ያረጋጋል፣ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ግን ሰውነት ይለምደዋል፣ ድንገት ማቆሙም አደገኛ ነው።

በተግባር ሦስቱ ሕመሞች ብዙ ጊዜ ተደራርበው ይገኛሉ፤ አንድ ሰው ሁለቱን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ የቱ ቀድሞ እንደጀመረ ይጠይቃል። ከዚያም በፊት ሰውነትን ይመረምራል። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይበዛል፤ የደም ማነስም ልብን ያስሮጣል። ቡና አብዝቶ መጠጣት ለፓኒክ የተጋለጠን ሰው ጥቃት ሊቀሰቅስበት ይችላል፤ ጫትም እንዲሁ ልብን ያስሮጣል፣ እንቅልፍም ያሳጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱን የጨመደደው፣ በተለይም ዕድሜው የገፋ ወይም ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው፣ «ጭንቀት ይሆናል» ብሎ ቤት መቀመጥ የለበትም፤ ሐኪም መርምሮ ይለየው።